ጋሽ እሺና የእርሳሱ ድልድል

በወረቀት ፋብሪካው ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ «ጋሽ እሺ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት በቀልድ ነበር፤ ኋላ ግን ቀልድነቱ ቀረና መታወቂያው ሆነ። ሥራ አስኪያጅ ሲመጣና ሲሄድ፣ የግቢው ቀለም ሲለወጥ፣ ፋብሪካው ስሙን ሲቀይር፣ ጋሽ እሺ ያው «እሺ ጌታዬ» እንዳለ ኖረ። ስብሰባ ላይ ሐሳብ ሲቀርብ ቀድሞ ራሱን የሚነቀንቀው እሱ ነው፤ አንዳንዴማ ሐሳቡ ተነግሮ ሳያልቅ ይነቀንቃል። አንድ ጊዜ ሰብሳቢው ሲያስነጥሰው «ትክክል ነው» ብሏል እየተባለ ይወራል። ወሬውን አላስተባበለም፤ ማስተባበል እምቢ እንደ ማለት ነዋ!

ዕውቀት የጎደለው እንዳይመስላችሁ። ፊዚክስ ተምሯል፣ ያውም በደንብ። የፋብሪካው የመለኪያ መሣሪያዎች ኃላፊ ነው፤ በዚያ ላይ «የጨረር ደህንነት ኃላፊ» የሚል ማዕረግ ደርበውለታል። መነጽሩ በክር አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል፤ ከወገቡ ደግሞ ጨረር ሲያገኝ ቀጭ ቀጭ የምትል ትንሽ ቆጣሪ አትጠፋም። ችግሩ ዕውቀቱ ጭንቅላቱ ውስጥ፣ እሺታው ግን ምላሱ ጫፍ ላይ መሆኑ ነው። አለቃ ፊት ሲቀርብ ምንጊዜም ምላሱ ትቀድማለች።

ሚስቱ አስተማሪ ናት፤ አንደበቷ እንደ ጠመኔዋ ስለታም ነው። «እኔ ባል አገባሁ ብዬ ነበር፤ ለካስ ያገባሁት ማኅተም ኖሯል» ትለዋለች። ልጅ አልወለዱም። እናቷ ስትሞት ታናሽ ወንድሟን ወስዳ አሳደገችው፤ ልጃቸውም ወንድማቸውም እሱ ነው። ማሙሽ ይባላል። ዛሬ ጢም ያበቀለ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ጎረምሳ ነው፤ ሽበት ቢያወጣም እህቱ ዘንድ ማሙሽ ከመባል አይድንም።

ማሙሽ ሥራ ፈልጎ ሲያጣ ጋሽ እሺ በፋብሪካው የጽዳት ቡድን ውስጥ አስገባው። ሥራው የወረቀቱ ሊጥ፣ ማለትም የተፈጨው እንጨትና ውኃ፣ የሚጠራቀምበትን ትልቁን የብረት ታንከር ገብቶ መፋቅ ነው። የዚያን ዕለት ማታ ሚስቱ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ስማ» አለችው። «እዚያ ታንከር ላይ ያንተ መርዝ አለ አይደል?»

«መርዝ አይደለም፣ ጨረር ነው። ሰው ሲገባ እንዘጋዋለን።»

«እንግዲህ እኔ የማውቀው አንተን ነው። ልጄ አንድ ነገር ቢሆን ፋብሪካውን አልጠይቅም፣ አንተን ነው የምጠይቀው።»

«እሺ» አላት። በቀላሉ ነው ያለው። በሕይወቱ ከተናገራቸው እሺዎች ሁሉ ያን ያህል ሳያስብ ያለው አልነበረም።

ማሙሽ ሥራ በጀመረበት ጠዋት ጋሽ እሺ ከቦታ ቦታ እያዞረ አሳየው። አለቃ ሲጠፋ ጋሽ እሺ ሌላ ሰው ነው፤ ድምፁ ይወፍራል፣ እጁ ይፍታታል። መጀመሪያ መጋዘን አስገባውና ጣራው ላይ የተለጠፈውን ክብ ጭስ ጠቋሚ አሳየው።

«እዚህ ውስጥ አልፋ የሚረጭ ቅንጣት አለ። ትልቋን አክስትህን ሠርግ ቤት ስትገባ አይተሃታል?»

«ሁሉንም ካልሳመች አትቀመጥም።»

«አዎ! ከበሩ ጀምራ ያገኘችውን ሁሉ ትስማለች፤ አዳራሹ መሀል ሳትደርስ ትንፋሿ ያልቃል። አልፋም እንዲያ ነው። ከባድ ነው፣ የኤሌክትሪክ ቻርጁም እጥፍ ነው። በመንገዱ ያለውን አቶም ሁሉ እየነካካ ጉልበቱን ስለሚበትን፣ አየር ላይ እንኳ ጥቂት ጣት ያህል ሄዶ ያበቃለታል። አንዲት ወረቀት ትበቃዋለች። የቆዳህ የላይኛው፣ የሞተው ሽፋን ይበቃዋል። እዚህ ውስጥ ጣት በማታክል ክፍተት አየሩን ኤሌክትሪክ እንዲያሳልፍ ያደርገዋል፤ ጭስ ሲገባ ያ ይሰናከልና መሣሪያው ይጮኻል።»

«ታዲያ ከንቱ ነዋ! ምኑ ያስፈራል?»

«ብናኙን ብትውጠው ወይም በትንፋሽ ብትስበው ነው የሚያስፈራው። ያኔ መሳሙ ሁሉ ሳንባህ ላይ ያልቃል። ስለዚህ አትፈታታው።»

ቀጥሎ ወደ ወረቀት ማሽኑ ወሰደው። ነጩ ወረቀት እንደ ወንዝ ይፈሳል፤ ከበላዩ አንድ ሳጥን፣ ከበታቹ ሌላ ሳጥን ተቀምጧል። «ይሄ ቤታ ነው» አለ ጋሽ እሺ፣ በማሽኑ ጩኸት ላይ እየጮኸ። «ኤሌክትሮን ነው፤ ከአልፋ በብዙ ሺህ እጥፍ ይቀላል። እየሮጠ ከሩቅ እጁን አወዛውዞ የሚያልፍ ጎረምሳ በለው። አየር ላይ ሜትሮች ይጓዛል። ወረቀትም ያልፋል፤ ግን ወረቀቱ በወፈረ ቁጥር የሚያልፈው ያንሳል። የታችኛው ሳጥን የደረሰውን ቆጥሮ ውፍረቱን ይነግረናል፤ ማሽኑም በዚያው ሊጡን ያበዛል ወይ ያሳንሳል። አልፋ ብናደርግበት ወረቀቱ ሁሉንም ባስቀረው፤ ጋማ ብናደርግ ወረቀት መኖሩንም ባላወቀ።»

«ይሄንንስ ምን ያቆመዋል?»

«ጥቂት ሚሊሜትር አሉሚኒየም፣ ወይም ጣት የሚያህል ፕላስቲክ። ሰው ሁሉ ወደ እርሳስ ብረት ይሮጣል፤ ነገር ግን ቤታን እንደ እርሳስ ባለ ከባድ ነገር ድንገት ብታቆመው ኤክስሬይ ይወልድልሃል። ፕላስቲኩ ይቀድማል።»

በመጨረሻ ታንከሩ ጋ ቆሙ። ሁለት ፎቅ ያህላል። በአንድ ጎኑ በእርሳስ የተሞላ፣ እጀታና ቁልፍ ያለው ድቡልቡል ሳጥን ተቀጥሏል፤ በሌላው ጎን ተቀባይ አለ።

«ጋማ ነው» አለ ጋሽ እሺ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይሄኛው ቻርጅ የለው፣ ክብደት የለው። የማይታይ ብርሃን ነው። ማንንም ሰላም አይልም። በአቶሞቹ መሀል ዝም ብሎ ያልፋል፤ ባጋጣሚ ከአንዱ ጋር ፊት ለፊት ሲላተም ብቻ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ‹እዚህ ጋ ይቆማል› የምትለው ቦታ የለም፣ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። የትንሽ ጣትህን ውፍረት ግማሽ በሚያህል እርሳስ ግማሹ ይቀራል፤ ያንኑ ያህል ብትደርብ የተረፈው ደግሞ በግማሽ ይቀንሳል። የሳጥኑ እርሳስ ወፍራም የሆነው ለዚህ ነው። የታንከሩን ሁለት ግድግዳ አልፎ እዚያ ማዶ ይደርሳል። ሊጡ ሲሞላ ይከለክለዋል፤ መቆጣጠሪያ ክፍል ያለው ሰሌዳ ‹ሙሉ› ይላል። ሊጡ ሲወርድ ጨረሩ ያልፋል፤ ሰሌዳው ‹ባዶ› ይላል።»

«እኔ ስገባስ?»

«አንተ ስትገባ እኔ የሳጥኑን መዝጊያ ዘግቼ እቆልፈዋለሁ። ያኔ ተቀባዩ ጋ ምንም ስለማይደርስ ሰሌዳው ባዶውን ታንከር ‹ሙሉ ነው› ይላል። ባዶውን ‹ሙሉ› ካለ ግባ። ‹ባዶ› ካለ ግን ክፍት ነው ማለት ነው።»

ማሙሽ ሳቀ። «ሲዋሽ ነው የሚታመነው በለኛ!»

ሁለቱም ሳቁ። ጥሩ ጠዋት ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ከብስኩት ፋብሪካ ነው የመጣው፤ ጫማው ያብረቀርቃል፣ ንግግሩ ይረዝማል። ግቢውን ሲጎበኝ ቢጫው የጨረር ምልክት ታየውና ክው አለ። «ይሄ ምንድነው?» አለ። ነገሩት። «ሌላ ጋም አለ?» አለ፤ ነገሩት። በዚያው ሳምንት ኤሌክትሪሺያኑ በቢሮው ጣራ ላይ ያለውን ጭስ ጠቋሚ አውርዶ ሲያጸዳ፣ ከጀርባው ያቺው ምልክት በትንሹ ታትማ ተገኘች። ሥራ አስኪያጁ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ከአናቴ በላይ ሲተኩስብኝ ኖሯል!»

ወዲያው ግብረ ኃይል ተቋቋመ። ግብረ ኃይሉ ተሰብስቦ በአንድ ድምፅ እርሳስ እንዲገዛ ወሰነ። እርሳሱ እንደ ገበታ ተጠፍጥፎ ሲመጣ ለሁሉም እንደማይበቃ ታወቀ፤ ስለዚህ ድልድል ወጣ። በድልድሉ መሠረት የመጀመሪያው ገበታ የሥራ አስኪያጁን ጭስ ጠቋሚ ጥርቅም አድርጎ ሸፈነ። ሁለተኛው ለምክትሉ፣ ሦስተኛው ለሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ደረሰ። ጸሐፊዋ የራሷ ጠቋሚ ስላልነበራት ቅር አላት፤ ተገዝቶላት ተሸፈነላት። የተረፈው ለወረቀት ማሽኑ ተመደበ። ታንከሩ ምንም አልደረሰውም፤ በግብረ ኃይሉ አስተያየት ታንከሩ ራሱ ወፍራም ብረት ስለሆነ ራሱን ችሏል።

ጋሽ እሺ አንድ ጊዜ ሞክሯል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ቢሮ ገብቶ እጁን አጣምሮ «ጌታዬ፣ ይሄ የጣራው አልፋ ነው፤ ለአልፋ እኮ ወረቀት ይበቃል፤ በዚያ ላይ ከሳጥኑም አይወጣ...» ሲል ሥራ አስኪያጁ አቋረጠው።

«ወረቀት? የምክትሉን ጣራ በእርሳስ ሸፍነህ እኔን በወረቀት?»

«አይ፣ እንደሱ ለማለት...»

«ከባድ ነገር በከባድ ነገር ነው የሚቆመው። አለቀ!»

«እሺ ጌታዬ።»

የወረቀት ማሽኑ ገበታ ከቤታው ምንጭ ሥር፣ ከወረቀቱ በላይ ገባ። ተቀባዩ ምንም ሳይደርሰው ቀረ፤ ወረቀቱ በዓለም ላይ ታይቶ የማይታወቅ ውፍረት እንዳለው ተረዳና ሊጡ እንዲቀነስ አዘዘ። ማሽኑ ታዘዘ። ወረቀቱ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሆነ፤ ከዚያም ተበጣጠሰ። ፋብሪካው ግማሽ ቀን ቆመ። በስብሰባው ላይ ጥፋቱ የእንጨት አቅራቢው ነው ተባለ። ጋሽ እሺ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ ዘዴ አበጀ፤ ጠዋት ገበታውን ያወጣል፣ ሥራ አስኪያጁ ለጉብኝት ብቅ ሲል ማሽኑን አስቁሞ ይመልሳል። እንደዚህ አድርጎ እውነትንም አለቃንም ሳያስቀይም የሚኖር መሰለው፤ በዘዴውም ኮራ።

ብዙም ሳይቆይ ሥራ አስኪያጁ ያላጠፋው ሲጋራ የቆሻሻ ቅርጫቱን አቃጠለው። ቢሮው በጭስ ተሞላ፤ ጥበቃው በመስኮት አይቶ ውኃ ይዞ ደረሰ። ጣራው ላይ ያለው ጠቋሚ በእርሳስ ታሽጎ ጭሱ ስላልገባለት ድምፁን አላሰማም። ሥራ አስኪያጁ እያሳለ ወደ ጣራው አመለከተ። «አያችሁ? ጸጥ አሰኘነው!» አለ። በዚያ ሞራል ለጽዳት ቡድኑ ኤክስሬይ ክፍል የሚለበሰው ዓይነት የእርሳስ ሽርጥ ተገዛለት።

ከዚያ የእንግዶቹ ቀን መጣ። የቦርድ አባላትና ባለሀብቶች ሊጎበኙ ነው። ግቢው ተቀባ፣ ድንጋዩ ሳይቀር ታጠበ። አዳራሹ ውስጥ የመቆጣጠሪያ ክፍሉን ሰሌዳ የሚያሳይ ሰፊ ስክሪን ተሰቀለ። በዋዜማው ሥራ አስኪያጁ ጋሽ እሺን አስጠራው።

«ባለፈው ታንከሩ ሲጸዳ ባዶውን ‹ሙሉ› ሲል አይቻለሁ። ይሄ ነገር ነገ እንግዳ ፊት ቢደገም ምን ይሉናል?»

«ጌታዬ፣ እሱ መዝጊያው ሲዘጋ ነው። የሚዘጋው ደግሞ ሰው ሲገባ...»

«ጽዳቱ መች ነው?»

«ከእንግዶቹ በኋላ ነው።»

«እንግዲያው እንግዶቹ ሳይሄዱ እንዳትዘጋው። ያ ሰሌዳ ውሸት እንዲናገር አልፈልግም።»

ጋሽ እሺ መዝጊያው መቼ እንደሚዘጋ የሚወስነው ጽዳቱ እንጂ እንግዳ አይደለም ሊል አፉን ከፈተ። «እሺ ጌታዬ» ወጣ። እንደ ወትሮው እጀታው ክፍት ላይ እንዳለ ቁልፉ ተቆልፏል፤ መክፈቻው በጋሽ እሺ ኪስ ውስጥ ነው። ከእሱ በቀር ማንም ሊዘጋው አይችልም።

ያላወቀው አንድ ነገር ነበር። ሥራ አስኪያጁ ለእንግዶቹ ትርኢት አዘጋጅቷል። ለጽዳት ቡድኑ ካቦ በጆሮው «ነገ ንግግሬን ስጨርስ ታንከሩ ባዶ ይሁን፤ ልጆቹ ሽርጣቸውን ለብሰው ይግቡ፤ እንግዶቹ መጥተው ያዩዋቸዋል» ብሎታል። ካቦው ስለ መዝጊያው ጠይቆ ነበር። «ሽርጡ ለምን ተገዛ ታዲያ?» ተባለ። ካቦውም እሺ አለ፤ እሺ ማለት በዚያ ፋብሪካ የጋሽ እሺ ብቻ አልነበረም።

አዳራሹ ሞላ። ጋሽ እሺ ከፊት ረድፍ ተቀምጧል፤ የምስጋና ወረቀት ሊሰጠው ነው፣ ከረባትም አስሯል። ሥራ አስኪያጁ ስለ ደህንነት ባህል ይናገራል። ስክሪኑ ላይ የታንከሩ መጠን መውረድ ጀመረ። ግማሽ ደረሰ፣ ከግማሽም በታች ሆነ። ጋሽ እሺ ማሽኑ ዛሬ ሊጥ አብዝቶ ወሰደ እንዴ ብሎ አሰበ። ቁጥሩ ዜሮ ላይ ሲደርስ «ባዶ» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ በራ።

«ክቡራን እንግዶች!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ይኸው ታንከራችን ባዶ ሆኗል። በዚህ ደቂቃ ጀግኖቻችን የእርሳስ ልብሳቸውን ለብሰው ወደ ውስጥ እየገቡ ነው!»

አዳራሹ አጨበጨበ። ጋሽ እሺም አጨበጨበ። እጁ ሁለቴ ከተጋጨ በኋላ ነው ጭንቅላቱ የደረሰለት። ባዶ ታንከር፣ «ባዶ» የሚል ሰሌዳ። ሰሌዳው እውነቱን እየተናገረ ነው። መዋሸት በነበረበት ሰዓት እውነቱን እየተናገረ ነው። እጁን ኪሱ ሲከት መክፈቻው እዚያው ነው። የሚስቱን ድምፅ «አንተን ነው የምጠይቀው» ሲል በጆሮው ሰማ።

«አሁን ደግሞ የጨረር ደህንነት ኃላፊያችንን ወደ መድረክ እጋብዛለሁ!»

ጋሽ እሺ ተነሣ። ወደ መድረኩ አመራ፤ ሥራ አስኪያጁ እጁን ዘረጋለት። እጁን ሳይጨብጥ፣ የምስጋናውን ወረቀት ሳያይ፣ በመድረኩ ጎን አልፎ በጓሮው በር ወጣ። ከዚያ ሮጠ። ጋሽ እሺ ሲሮጥ አይተን አናውቅም ያሉ ሰዎች ዛሬም ያወሩታል፤ ከረባቱ በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ተገልብጦ ነበር።

ታንከሩ ሥር ሲደርስ የማሙሽ ራስና ትከሻ በመግቢያው ቀዳዳ ውስጥ ናቸው፤ እግሮቹ ብቻ ውጭ ቀርተዋል።

«ማሙሽ! ውጣ! ውጣ ብያለሁ!» የሽርጡን ማሰሪያ ይዞ ሳበው። ሁለቱም መሬት ላይ ተዘረጉ።

«ምን ሆነህ ነው ጋሼ?»

«ገብተሃል? ማነው የገባው?»

«ማንም አልገባም፣ እኔ ነኝ የመጀመሪያው። ምነው?»

«ክፍት ነው» አለ ጋሽ እሺ።

ማሙሽ አየው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «እኔ እኮ አንተ ዘግተኸዋል ብዬ ነው» አለ። «አንተ ሳትዘጋ ‹ግቡ› ትለናለህ ብዬ አላሰብኩም።»

ይህች ንግግር ጋሽ እሺን ከማንኛውም ስድብ በላይ አመመችው። አፈረ። እስከ ዛሬ ያላፈረውን ሁሉ ባንድ ጊዜ አፈረ።

ካቦው ጣልቃ ገባ። «ቆይ ጋሽ እሺ፣ ሽርጡ አለ አይደል? እርሳስ እኮ ነው።»

ጋሽ እሺ ቆጣሪዋን ከወገቡ አውጥቶ በመግቢያው ቀዳዳ አሾለካት። ቀጭ ቀጭ ማለቷ ቀርቶ እንደ ዝናብ ተንጣጣች። የማሙሽን ሽርጥ አውልቆ ከፊቷ ጋረደባት። ተንጣጣች። ልዩነቱን የሚሰማ ጆሮ አልነበረም። «ይሄ ለኤክስሬይ ክፍል ነው» አለ። «የዚያ ጨረር ደካማ ነው፣ ይሄን ስስ እርሳስ አያልፍም። ይሄ ጋማ የብረት ግድግዳ አልፎ የመጣ ነው፤ ይሄ ሽርጥ ከሃያው አንዱን ቢያስቀር ነው። ዛሬ ገብተህ ዛሬ አትወድቅም። ነገር ግን እዚህ መሀል ቀኑን ሙሉ ቆመህ ብትፍቅ፣ በሚቀጥለው ጽዳትም ብትደግመው፣ ከዓመታት በኋላ ሐኪም ቤት ምን እንደሚሉህ እኔ ልነግርህ አልችልም።»

ካቦው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ጋሽ እሺ ከሳጥኑ ጎን ቆሞ ቁልፉን ከፈተ። እጀታውን አዞረ። መዝጊያው ቀጭ ብሎ ተቀመጠ፣ ቆለፈው። ቆጣሪዋ እንደ ወትሮዋ አልፎ አልፎ ቀጭ ወደ ማለት ተመለሰች።

በዚያችው ቅጽበት አዳራሹ ውስጥ ስክሪኑ ላይ ያለው ዜሮ ዘሎ «ሙሉ» ሆነ፣ በቀይ። ጀግኖቹ ገብተዋል ተብሎ ገና መጨብጨቡ ነው። አንዲት የቦርድ አባል «ልጆቹ ውስጥ ናቸው!» ብላ ጮኸች። ባለሀብቶቹ በወንበር ላይ ተረማመዱ። አዳራሹ በሙሉ፣ ከነሥራ አስኪያጁ፣ ሊጥ ውስጥ የሰጠመ ሰው ሊያወጣ ወደ ታንከሩ ግር ብሎ መጣ።

ሥራ አስኪያጁ ሲደርስ የሰጠመ ሰው የለም፤ ጋሽ እሺ፣ ካቦውና ልጆቹ ደረቅ ሆነው ቆመዋል። ትንፋሹ ተመለሰለት፤ ከትንፋሹ ጋር ንዴቱም ተመለሰ።

«አንተ ነህ የዘጋኸው? እንዳትዘጋ ብዬህ! እንግዳ ፊት ሰሌዳው ምን ሲል እንደነበር ታውቃለህ?»

«ሙሉ ሲል ነበር ጌታዬ።»

«አሁኑኑ ክፈተው! ልጆቹ ይግቡ!»

ጋሽ እሺ ራሱ መነቅነቅ ሲጀምር ተሰማው። የዕድሜ ልክ ልማድ ነው፤ አንገቱ ብቻውን ያውቀዋል። በግድ አቆመው።

«አይሆንም» አለ።

የሚሰማውን ያላመነው ሥራ አስኪያጁ ብቻ አልነበረም፤ ካቦውም አፉን ያዘ። «ምን አልክ?»

«አይሆንም ጌታዬ። ካሉ ግን እከፍተዋለሁ» አለና ሽርጡን ከመሬት አንስቶ በሁለት እጁ አቀረበለት። «መጀመሪያ እርስዎ ይግቡ። ልብሱ ይኸውልዎት።»

ሥራ አስኪያጁ ሽርጡን ተቀበለ፤ ክብደቱ እጁን ወደ ታች ሳበው። ቀዳዳውን አየ። በጋሽ እሺ እጅ ያለችውን ቆጣሪ አየ፤ እሷም ቀጭ አለች። እንግዶቹን አየ፤ እንግዶቹም እሱን ያዩታል።

«እኔ... ንግግሬን አልጨረስኩም» አለ። ሽርጡን ለምክትሉ አስታቀፈና ወደ አዳራሹ ተመለሰ። ምክትሉም በጥንቃቄ ለሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ አስተላለፈው፤ እንደ ድልድሉ።

አንድ ሽማግሌ የቦርድ አባል ግን ወደ ኋላ ቀርተው ሽርጡን ነካ ነካ አደረጉት። «ልጄ፣ ታዲያ እዚህ ቦታ ይሄ ልብስ ምን ያደርጋል?» ብለው ጠየቁ።

«ይከብዳል» አለ ጋሽ እሺ።

ሽማግሌው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። ነገ ሥራ ይኑረው አይኑረው ጋሽ እሺ አያውቅም፤ ራሱን እስኪገርመው ድረስ ለማወቅም አልቸኮለም። ታንከሩ ሥር ከማሙሽ ጋር ቀሩ። ሊጡ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ነው የሚሆነው፤ ጽዳቱ ዛሬውኑ መሠራት አለበት። ማሙሽ ሽርጡን ሳይለብስ መፋቂያውን አነሣና ቀዳዳው ጋ ቆመ።

«እንግዲህ ልግባ ጋሼ?»

ጋሽ እሺ አፉን ከፈተና ዘጋው። በሕይወቱ ሙሉ ለማንም ሲበትናት የኖረች ቃል ዛሬ ከጉሮሮው አልወጣ አለች። እጀታውን ጎትቶ አየ። ቁልፉን ነቀነቀው። ቆጣሪዋን በቀዳዳው አስገብቶ በግራ፣ በቀኝ፣ ወደ ላይ አዞራት፤ እንደገናም አዞራት። መቆጣጠሪያ ክፍል ደውሎ «ሰሌዳው ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀ። «ሙሉ ይላል» አሉት። ድገሙልኝ አላቸው፤ ደገሙለት። መክፈቻውን ኪሱ ውስጥ አጥብቆ ጨበጠ። ማሙሽ በትዕግሥት እየጠበቀው ነበር።

«እሺ» አለው።